ኮምፖስት በአንድ በርሜል፦ አረንጓዴውንና ቡናማውን እንዴት እናመጣጥን?

ከወጥ ቤት የሚወጣ ልጣጭና የጎመን ግንድ ከጤፍ ጭድ ጋር ተመጣጥኖ ከገባ፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ በአራት ወር ከምናምን ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል። ሳይመጣጠን ከገባ ግን በሦስተኛው ሳምንት ግቢውን ማሽተት ይጀምራል፤ አለዚያም ወራት አልፈው ጭዱ ጭድ እንደሆነ ይቀራል። እዚህ የምናየው በአዲስ አበባና በመሰል ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት አንዲት በርሜል ከአሞላሏ አንስቶ መደቡ ላይ እስክትበተን ድረስ እንዴት እንደሚይዝ ነው። ገጠር ውስጥ በጉድጓድ ወይም በክምር የሚሠራው ኮምፖስት ጠባዩ ሌላ ነው። ክምሩ ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፣ ትንሽ ስህተትም ይሸከማል። በርሜል ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ስለሆነ አንድ ባልዲ ልጣጭ ያለ ጭድ ቢገባ እንኳ በሁለት ቀን ይታወቅበታል።

ቡናማው ሁለት ሥራ አለው

የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። ጉልበት የሚያገኙት ከካርቦን ነው፤ ለመራባት ደግሞ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ሥራቸው ይፋጠናል። ናይትሮጅን የበዛበትን ነገር አረንጓዴ፣ ካርቦን የበዛበትን ቡናማ እንለዋለን።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው የቡናማው ሁለተኛ ሥራ ነው። የወጥ ቤት ልጣጭ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ሲፈርስ ውሃውን ይለቅና ይጠፈጠፋል፤ በመካከሉ የነበረው አየር ይወጣል። አየር ከጠፋ አየር የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ጭዱ ውሃውን ይመጥጣል፣ ለአየርም መተላለፊያ ይሆናል። በርሜል ውስጥ ቀድሞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የካርቦንና የናይትሮጅኑ ልክ ሳይሆን የውሃና የአየሩ ነው። ስለዚህ ቡናማ ሲመርጡ «ካርቦን አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሲረጥብ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይጣበቃል?» ብለውም ይጠይቁ።

ቀለሙ ያታልላል

የቡና አተላ መልኩ ቡናማ ቢሆንም ከአረንጓዴው ወገን ነው፤ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 20 እጅ ገደማ ካርቦን ነው ያለው። እርጥብ የላም እበትም እንደዚሁ አረንጓዴ ነው። የዶሮ ኩስ ከሁሉም የባሰ ናይትሮጅን የበዛበት ስለሆነ በአንድ ባልዲ ልጣጭ ላይ ከአንድ ጭብጥ በላይ አይጨመርም። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመንና የቆስጣ ግንድ፣ የሙዝና የአቮካዶ ልጣጭ፣ ፍሬ ያልያዘ አረም፣ አዲስ የታጨደ ሣር፣ የጠላ አተላ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። የጠላ አተላ በጣም ውሃማ በመሆኑ አንድ ጣሳ ባፈሰሱ ቁጥር ሁለት ጣሳ ጭድ ያስከትሉ። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ በዚያው ዕለት ከተጠረገ አረንጓዴ ነው፤ ሳምንት ደርቆ ከቆየ ግን ወደ ቡናማው ይጠጋል።

ከቡናማው ወገን ምርጡ የጤፍ ጭድ ነው። የስንዴና የገብስ ገለባ፣ የተከተከተ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ የዛፍ ቅጠል፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ቀለምና ፕላስቲክ ልባስ የሌለው የዕቃ ካርቶንም ይሆናሉ። ካርቶኑ ከመዳፍ ባነሰ መጠን ተቀዶ ከጭድ ጋር መደባለቅ አለበት፤ ብቻውን ተደራርቦ ከገባ እንደ ክዳን ሆኖ አየር ይዘጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ሌላ ከጠፋ ዝናብ የመታውንና የከረመውን ብቻ፣ ያውም ከቡናማው አንድ አሥረኛ ሳያልፍ ይጠቀሙ።

ሰጋቱራ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 400 እጅና ከዚያም በላይ ካርቦን ሊኖረው ስለሚችል እንደ ጭድ በሙሉ ባልዲ አይለካም። የሚወሰደውም ጣውላ ከሚሰነጠቅበት ቤት ነው። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ከሚቆርጥ ቤት የሚመጣው ሙጫ ስላለበት ለሚበላ አትክልት አይሁን።

አመድ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ካርቦኑ ተቃጥሎ አልቋል። አመዱ ሲበዛ ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ለውጦ ያባርረዋል። ከከሰል ምድጃ የወጣውን አመድ ሁሉ በርሜሉ ውስጥ መድፋት የተለመደ ነው፤ ለአንድ በርሜል በጠቅላላ ከሁለት ጣሳ ያልበለጠ ይበቃል።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅቤና ዘይት የነካው የወጥ ትራፊ፣ የውሻና የድመት ኩስ አይገቡም። እንጀራ ራሱ ይበሰብሳል፤ ነገር ግን አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። ወጥ ያልነካውን ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ፈርፍረው፣ በየጊዜው ከአንድ ጭብጥ ሳያልፍ መሐል ላይ ቢቀብሩት ችግር የለውም።

በርሜሉን ማዘጋጀት

የምግብ ዘይት ወይም ሌላ የሚበላ ነገር የነበረበት የፕላስቲክ በርሜል ይምረጡ። ኬሚካል፣ ፀረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት በሳሙና ታጥቦም አይሆንም። ሻጩ ምን እንደነበረበት መናገር ካልቻለ ሌላ ይፈልጉ።

ጎኑን በድሪል ወይም በጋለ ሚስማር ይብሱት። ቀዳዳው ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከሉ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ዙሪያውን ከታች እስከ ላይ ይሂድ። ታችኛው ላይ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ውሃ መውጫ ሳይኖረው የተሞላ በርሜል የትኛውም ልኬት አያድነውም። ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ለአይጥ ግልገል በር ስለሆነ ድሪሉ ካመለጠዎ በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑት።

በርሜሉን በሦስት ብሎኬት ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቀው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚሆን ቦታ ያስቀምጡ። ሲሚንቶ ላይ ከሆነ የሚንጠባጠበው ውሃ እድፍ ስለሚያስቀር ከሥሩ አሮጌ ሳፋ ያድርጉ። ክዳኑ ዝናብ የማያስገባ፣ ነገር ግን አፉን ግጥም አድርጎ የማይዘጋ መሆን አለበት። ከአጠገቡ ጭድ የተሞላ ጆንያ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ይቁም። ይህ ጆንያ ከበርሜሉ እኩል ያስፈልጋል፤ ቡናማው እጅ ላይ ከሌለ ልጣጩ ብቻውን መግባቱ አይቀርም።

ልኬቱ፦ አንድ ባልዲ በምሳሌ

10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ እንውሰድ። ለአምስት ሰው የሚያበስል ቤት፣ አትክልት የሚያዘወትር ከሆነ፣ በአራት ቀን ገደማ አንድ ባልዲ ልጣጭና የቡና አተላ ይሞላል። ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ 4 ኪሎው ውሃ ሲሆን ደረቁ 1 ኪሎ ብቻ ነው። በደረቁ ውስጥ ወደ 450 ግራም ካርቦንና 25 ግራም ናይትሮጅን አለ። ይህም 18 ለ 1 ማለት ነው፤ ከሚፈለገው በታች ነው።

አሁን ጭዱን እንመልከት። አንድ ባልዲ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ጭድ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ካርቦኑ ወደ 200 ግራም፣ ናይትሮጅኑ 2 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ባልዲ ጭድ ሲጨመር ካርቦኑ በጠቅላላ 850፣ ናይትሮጅኑ 30 ግራም ይሆናል፤ 28 ለ 1 ደረሰ። «ለአንድ አረንጓዴ ሁለት ቡናማ» የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው።

ውሃውን ሲያሰሉት ግን ሌላ ነገር ይታያል። ከጠቅላላው 6 ኪሎ ውስጥ ከ4 ኪሎ በላይ ውሃ ነው፤ 68 በመቶ መሆኑ ነው። ለኮምፖስት የሚመቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው። ምግቡ ተመጣጥኖ እያለ በርሜሉ የሚሸተው ስለዚህ ነው። ሦስተኛ ባልዲ ጭድ ሲጨመር ውሃው ወደ 64 በመቶ ይወርዳል፣ ካርቦኑ ወደ 32 ለ 1 ይወጣል። የቀረው ውሃ በቀዳዳዎቹ ይተንናል፣ ይንጠባጠባል። 32 ከ30 ትንሽ ቢያልፍም የሚያስከትለው መዘግየት የጥቂት ቀናት ነው፤ ሽታ አያመጣም። በመሆኑም በጤፍ ጭድ ለሚሠራ በርሜል መነሻው አንድ ባልዲ አረንጓዴ በሦስት ባልዲ ቡናማ ይሁን። በጋ ላይ ወደ ሁለት ይወርዳል።

በሰጋቱራ ቢሆንስ? አንድ ባልዲ ሰጋቱራ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል፣ 900 ግራም ያህል ካርቦን ይዟል፣ ናይትሮጅኑ ግን ከጭዱ አይበልጥም። አንድ ባልዲ ልጣጭ ላይ አንድ ባልዲ ሰጋቱራ ከተደረገ ልኩ 50 ለ 1 ይሆናል፤ በርሜሉ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ከሩብ እስከ ግማሽ ባልዲ ይበቃዋል። ያም ሆኖ ሰጋቱራ ሲረጥብ ስለሚጣበቅ አየሩን የሚይዝለት ጭድ ወይም የተሰባበረ አገዳ አብሮት ሊገባ ይገባል። ከእነዚህ ቁጥሮች በቃል ሊያዝ የሚገባው ይህ ነው፤ ቡናማው ሲቀየር ባልዲውም ይቀየራል። ደረቅ ቅጠል የሚጠቀም ሰው እንደ ጭዱ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ይለካል።

አሞላሉ

ከታች አንድ ስንዝር ያህል ጭራሮ ወይም የጫት እንጨት ያንጥፉ። ወፍራም ስለሆነ አይጠፈጠፍም፤ ከሥር አየር እንዲገባና ውሃ እንዲወርድ ያደርጋል። በላዩ ሁለት ባልዲ ደረቅ ጭድ ይጨምሩ።

ልጣጩን ከመጨመርዎ በፊት ይክተፉት። የጎመን ግንድ ሳይከተፍ ቢገባ ከሦስት ወር በኋላም ቅርጹን ይዞ ይገኛል፤ ሦስት ጣት በሚያህል ልክ ከተቆረጠ ግን ይፈርሳል። የቡና አተላውን አንድ ቦታ አይድፉት፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ስለሚጠነክር ይበትኑት።

ከዚያ ከሦስቱ ባልዲ ጭድ ሁለቱን ከአንዱ ባልዲ ልጣጭ ጋር በአካፋ ወይም በሸራ ላይ ያደባልቁና ያስገቡ። ሦስተኛውን ባልዲ በላዩ እንደ ብርድ ልብስ ያልብሱት። ብዙ ጊዜ በሥዕል የሚታየው የአረንጓዴና የቡናማ ድርብርብ ንጣፍ ለትልቅ ክምር ይሆናል፤ በርሜል ውስጥ ግን የልጣጩ ንብርብር ተጠፍጥፎ ለብቻው ይቦካል፣ ጭዱም ደርቆ ይቀራል። ልብሱ ደግሞ የግድ ነው። ልጣጭ ከላይ ከታየ ትንኝ በማግስቱ ይመጣል።

በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጭብጥ የጓሮ አፈር ወይም ቀድሞ የተዘጋጀ ኮምፖስት ይበትኑበት። የሚያበሰብሱት ተዋሕስያን በልጣጩም ላይ ስላሉ በየጊዜው መድገም አያስፈልግም። ለዚህ ሲባል የሚሸጥ ዱቄት መግዛትም አያስፈልግም።

በዚህ አካሄድ በየአራት ቀኑ አንድ ዙር ሲጨመር፣ ከሥር እየሰመጠ ስለሚሄድ፣ በርሜሉ ለመሙላት ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከሞላ በኋላ ምንም አይጨመርበትም። ይህን የማይጠብቅ ሰው መቼም የተዘጋጀ ኮምፖስት አያገኝም፤ ሁልጊዜ አዲስ ልጣጭ የተቀላቀለበት ግማሽ ብስባሽ ነው የሚያወጣው። የሚቀጥለው ልጣጭ ወደ ሁለተኛ በርሜል ይሂድ።

ማገላበጥና በጭብጥ መፈተሽ

በርሜሉን በሳምንት አንዴ ያገላብጡ። ቀላሉ መንገድ ሸራ ዘርግቶ ሁሉንም መዘርገፍ፣ ከዳር የነበረውን ወደ መሐል፣ ከላይ የነበረውን ወደ ታች አድርጎ መመለስ ነው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በእንጨት እየወጉ ከላይ ማማሰል የሥረኛውን አይነካውም፤ ሽታውም የሚነሳው ከሥር ነው።

በየማገላበጡ ከመሐሉ አንድ ጭብጥ ይዝገኑና ጠበቅ አድርገው ይጭመቁ። በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለና ሲለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆየ እርጥበቱ ልክ ነው። ውሃው ከወረደ አንድ ባልዲ ጭድ ጨምረው እንደገና ያደባልቁ። ምንም ካልወጣና ሲለቁት ከተበተነ በአትክልት ማጠጫ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ እያገላበጡ ይርጩበት። ውሃውን ከላይ መድፋት ጥቅም የለውም፤ በጎን ወርዶ ይወጣል።

ሙቀቱን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ፌሮ መሐሉ ድረስ ሰክተው ከአሥር ደቂቃ በኋላ አውጥተው ይንኩት። እጅን የሚያሞቅ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። በእጅ ለመያዝ እስኪከብድ የሚሞቅበት ጊዜ ግን በዚህ መጠን ጥቂት ነው። የአረም ዘርና የበሽታ ተዋሕስያን የሚሞቱት 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ ነው። ይህን በአስተማማኝ የሚይዘው አንድ ሜትር ኪዩብ የሚያህልና በአንዴ የተከመረ ክምር ነው። ትንሽ በትንሽ የሚሞላ በርሜል፣ ያውም በደጋ ሌሊት፣ ሙቀቱን በጎኑ ያጣል። ስለሆነም ፍሬ የያዘ አረም፣ ዋግ የመታው የቲማቲም ግንድ፣ ሥሩ ያበጠ ጎመን በርሜሉ ውስጥ አይግቡ። በርሜሉ ቀዝቃዛ መሆኑ ብልሽት አይደለም፤ የማይችለውን ሥራ አለመስጠት ብቻ ነው።

ሲበላሽ፦ ከሽታው መጀመር

የበሰበሰ እንቁላል ወይም የረጋ ቦይ ሽታ ካለው አየር አጥሮታል። መዘርገፍ ነው። ከሥር ጥቁርና የሚያዳልጥ ነገር ያገኛሉ፤ በእጅ ወይም በመንሽ በታትነው ለሱ ብቻ ሁለት ባልዲ ጭድ ያደባልቁበት፤ የሥሩ ቀዳዳዎች መደፈናቸውንም በሚስማር እየወጉ ይፈትሹ። በትክክል ከተሠራ ሽታው በሁለትና በሦስት ቀን ይጠፋል። ካልጠፋ ችግሩ ቀዳዳው ላይ ነው።

ዓይን የሚያቃጥል፣ ሽንት የመሰለ ሽታ ሌላ ነው፤ አሞኒያ ነው። የሚመጣው የዶሮ ኩስ፣ አዲስ የታጨደ ሣር ወይም አመድ ሲበዛ ነው። ለመደቡ ይሆናል ያሉት ናይትሮጅን በአየር እየሄደ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ጭድ ብቻ ቶሎ አይደርስም፤ ግማሽ ባልዲ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ካርቶን ከአንድ ባልዲ ጭድ ጋር ያደባልቁ። የሰጋቱራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አመድ መጨመር ሽታ ያጠፋል የሚል ሰው ካለ አይስሙት፤ ያባብሰዋል።

ምንም ሳይሸት ዝም ያለ በርሜል ብዙ ጊዜ ደርቋል። ጉንዳን ከገባበት ጥርጥር የለውም። ውሃ ካጠጡት በኋላ በአንድ ሳምንት ካልሞቀ አረንጓዴ ጎድሎታል ማለት ስለሆነ አንድ ባልዲ የቡና አተላና ልጣጭ ያለ ጭድ ያደባልቁበት። ያለ ጭድ ማስገባት የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው።

አንዳንዴ ጠፍጣፋ፣ ጠጣር ቆዳ ያላቸው አመድማ ትሎች በብዛት ይታያሉ። ተክል አይበሉም፣ ሰውም አይጎዱም፤ ልጣጩን ፈጥነው ይፈጩታል። መብዛታቸው ግን በርሜሉ እርጥብ መሆኑን ይናገራል። አይጥ ከመጣ ደግሞ የበሰለ ምግብ ገብቷል። ትራፊውን አውጥተው ሁሉንም አገላብጠው ካረጠቡት በኋላ ቀዳዳውን ይመርምሩ፤ አይጥ ጎጆ የሚሠራው ደረቅና ያልተነካ ቦታ ላይ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ዝናቡ ነው። ልጣጩ ራሱ ታጥቦ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ምንም አይተንንም። ልጣጩን በቀዳዳ ሳፋ ላይ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፈው ያስገቡ፤ ቡናማውም ሦስት ባልዲ ሆኖ ይቀጥል። የጭድ ዋጋ የሚወደደውም፣ ጭዱ የሚረጥበውም በዚሁ ወቅት ስለሆነ ሰኔ ሳይገባ ከሦስት እስከ አራት ጆንያ ደረቅ ጭድ ማስቀመጥ ያዋጣል። ከጥር እስከ የካቲት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቡናማው ወደ ሁለት ባልዲ ይወርዳል፣ የጭብጡ ፍተሻም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁን።

መድረሱን ማወቅ

በርሜሉ ከተዘጋ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ወደ ግማሹ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ወደ ጆንያ ገልብጠው ጥላ ሥር ቢያስቀምጡት በርሜሉ ነፃ ይወጣል፤ ሁለት በርሜል ብቻ ይዞ ሥራውን ሳያቋርጡ መቀጠል የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው። ጆንያው ውስጥ ሌላ ስድስት ሳምንት ይቆያል። እርጥበቱ እንዳይጠፋ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ።

የደረሰው ጥቁር ቡናማ ነው፣ ይፈረፈራል፣ ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ነው። ዓይንና አፍንጫ ግን ይሳሳታሉ። አንድ ጭብጥ እርጥብ ኮምፖስት በፌስታል አስረው ሦስት ቀን ያቆዩት። ሲከፍቱት ከኮመጠጠ ወይም አሞኒያ ከሸተተ ገና ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ፈተና በፌጦ ነው። ፌጦ ቶሎ የሚበቅልና ያልበሰለ ኮምፖስት የሚያስቸግረው ዘር ስለሆነ ለዚህ ሥራ በሌላም አገር ይመረጣል። ሁለት ጣሳ ያዘጋጁ። አንዱን በጓሮ አፈር ብቻ፣ ሌላውን አፈርና ኮምፖስት እኩል ደባልቀው ይሙሉና በእያንዳንዳቸው 20 የፌጦ ፍሬ ዘርተው ያጠጡ። በአምስተኛው ቀን ይቁጠሩ። በኮምፖስቱ ጣሳ የበቀለው ከሌላው እኩል ከሆነና ሥሩ ነጭ ከሆነ ደርሷል። ከአፈሩ ጣሳ በአምስት ፍሬ ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ ወይም የሥሩ ጫፍ ከጠቆረ፣ ሦስት ሳምንት ይጨምሩለት።

መቸኮል ዋጋ አለው። ጭዱ ገና ያልፈረሰ ኮምፖስት አፈር ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን እዚያው ይቀጥላሉ፤ ናይትሮጅኑንም ከአፈሩ ይሻማሉ። ጎመኑ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ቢጫ የሚሄደው ያኔ ነው።

መደቡ ላይ

ከአንድ ሙሉ በርሜል የሚወጣው ከ50 እስከ 60 ሊትር ነው፤ አምስት ስድስት ባልዲ። ለብዙ ሰው ያንሳል፤ ግን ውሃው ወጥቷል፣ ከደረቁም ግማሽ ያህሉ ወደ አየር ሄዷል። መደብ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ በካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ ስለሚፈልግ አንድ በርሜል የሚበቃው 1 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነ አንድ መደብ ነው። ሦስት መደብ ላይ ስስ አድርጎ ከመበተን አንዱን በደንብ መመገብ ይሻላል። ቀዳሚው ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ የሚተከልበት ይሁን፤ ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ናይትሮጅን አብዝተው ይወስዳሉ።

ችግኝ ከመተከሉ አንድ ሳምንት በፊት ኮምፖስቱን ዘርግተው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር በዶማ ያደባልቁ፤ ከዚያ በታች መቅበር አያስፈልግም፣ የጎመን ሥር አብዛኛው ምግቡን የሚወስደው ከላይ ነው። ካሮት የሚዘራ ከሆነ በወንፊት የተነፋና በፌጦ የተፈተነ ብቻ ይጠቀሙ፤ ያልተፈጨ ግንድ ያጋጠመው ካሮት ሹካ ይሠራል። ጎመኑ ከተተከለ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መቀንጠስ ሲጀመር፣ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ጭብጥ ኮምፖስት ከግንዱ አንድ መዳፍ አርቀው ዙሪያውን ያድርጉለትና አፈር ወይም ጭድ ያልብሱት። ሳይሸፈን ፀሐይ ላይ የተተወ ይደርቃል፣ ባክቴሪያውም ይሞታል።

ለመንፋት የ1 ሴንቲ ሜትር ዓይን ያለው ሽቦ ወንፊት በቂ ነው። ከላይ የሚቀረውን ጭራሮ፣ የአቮካዶ ፍሬና ያልፈረሰ አገዳ ለሚቀጥለው በርሜል ከሥር ለማንጠፍ ያስቀምጡት፤ ተዋሕስያኑን ይዞ ስለሚገባ ያኔ አፈር መጨመር አያስፈልግም።